ከ«±» ምልክት ቀጥሎ ያለው ቁጥር

በአንድ የጤና ጥናት ላይ «የአራስ ሕፃናት አማካይ ክብደት 3.1 ± 0.5 ኪሎ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አነበባችሁ እንበል። ሌላ ጥናት ደግሞ «3.1 ± 0.05 ኪሎ» ይላል። ሁለተኛው ይበልጥ ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ ይመስላል። ሕፃናቱም እርስ በርስ የተቀራረቡ፣ ሁሉም ሦስት ኪሎ አካባቢ የሚመዝኑ ይመስላሉ። ይሁንና ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ የወሊድ መዝገብ፣ ከእነዚያው መቶ ሕፃናት የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ሚዛኑ አንድ ነው፣ አዋላጇም አንድ ናት፣ አማካዩም አንድ ነው። የተለያየው ጸሐፊዎቹ ከምልክቱ ቀጥለው ያስቀመጡት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ሁለተኛው ስታንዳርድ ኤረር ይባላል። ስማቸው ይቀራረባል፤ አንዱም ከሌላው ይሰላል። በዚህ የተነሳ በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በታተሙ ጥናቶችም ላይ አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ ይገኛል። የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው፤ የአንዱን መልስ ለሌላው ጥያቄ መስጠት ደግሞ ሰው ይጎዳል።

ጥያቄዎቹን ከሚጠይቋቸው ሰዎች አፍ እንስማቸው። አንዲት እናት በወለደች በሰዓቱ ውስጥ አዋላጅ ነርሷን «ሲስተር፣ ልጄ 2 ኪሎ ከ600 ነው አሉኝ፤ አነሰ እንዴ?» ብላ ትጠይቃለች። እናቲቱ ማወቅ የፈለገችው ሕፃናት በክብደት ምን ያህል እንደሚለያዩና የእሷ ልጅ ከመካከላቸው የት ላይ እንደሚገኝ ነው። የዞኑ ጤና መምሪያ ኃላፊ ደግሞ የመቶ ሕፃናት መዝገብ ይዘው «በዞናችን የሚወለዱ ሕፃናት አማካይ ክብደት በእርግጥ 3.1 ነው? ሌላ መቶ ሕፃናት ብንመዝን ኖሮ ስንት እናገኝ ነበር?» ይላሉ። ለእናቲቱ የሚመልሰው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው፤ ለኃላፊው የሚመልሰው ስታንዳርድ ኤረር ነው።

በአምስት ሕፃናት እንጀምር

በአንድ ጤና ጣቢያ በአንድ ቀን የተወለዱ አምስት ሕፃናት 2.4፣ 2.9፣ 3.1፣ 3.3 እና 3.8 ኪሎ መዘኑ እንበል። ድምሩ 15.5 ነው፤ ለአምስት ሲካፈል አማካዩ 3.1 ይሆናል። አሁን እያንዳንዱ ሕፃን ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ እንይ። የመጀመሪያው በ0.7 ኪሎ ያንሳል፣ ሁለተኛው በ0.2 ያንሳል፣ ሦስተኛው ልክ አማካዩ ላይ ነው፣ አራተኛው በ0.2 ይበልጣል፣ አምስተኛው በ0.7 ይበልጣል።

እነዚህን ርቀቶች እንዳሉ ብንደምራቸው የሚያንሰውና የሚበልጠው ተጣፍቶ ዜሮ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ርቀት በራሱ እናባዛለን፤ የመቀነስ ምልክቱ በዚህ ይጠፋል። 0.49፣ 0.04፣ 0፣ 0.04 እና 0.49 እናገኛለን፤ ድምሩ 1.06 ነው። ይህን ለአምስት ሳይሆን ለአራት እናካፍላለን። ምክንያቱም የተጠቀምንበት አማካይ ከእነዚሁ አምስት ሕፃናት የወጣ ስለሆነ ከእውነተኛው የሕዝቡ አማካይ ይልቅ ለእነሱ ይቀርባል፤ ርቀቶቹም ከሆኑት በላይ አጥረው ይታያሉ። ከአምስት አንድ መቀነሱ ያንን ጉድለት ያካክሳል። 1.06 ለአራት ሲካፈል 0.265 ነው፤ የዚህ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ 0.265 የሚሰጠው ቁጥር፣ ወደ 0.51 ይጠጋል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይህ ነው፤ አንድ ሕፃን ከአማካዩ በተለምዶ ግማሽ ኪሎ ያህል ይርቃል ማለት ነው።

አምስቱ ሕፃናት መቶ፣ መቶዎቹም ሺህ ቢሆኑ ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ አይወርድም። ብዙ ስለመዘንን ሕፃናቱ መመሳሰል አይጀምሩም፤ ቀጫጫውም ወፍራሙም መወለዳቸውን ይቀጥላሉ። ናሙናው ሲበዛ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ በሕዝቡ ውስጥ ባለው እውነተኛ ልዩነት አካባቢ ይረጋል እንጂ አይቀንስም። በምሳሌያችን እውነተኛው ልዩነት ግማሽ ኪሎ ነው ብለን እንቀጥል።

አሁን ለእናቲቱ መልስ አለን። በጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ክብደት በመካከል ተሰብስቦ ወደ ሁለቱም ጫፍ እየሳሳ ይሄዳል። ስርጭቱ እንዲህ ሲሆን ከሦስት ሕፃናት ሁለቱ ያህሉ ከአማካዩ በአንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ርቀት ውስጥ፣ ማለትም በ2.6 እና በ3.6 ኪሎ መካከል ይገኛሉ። ከመቶው 95 ያህሉ ደግሞ በሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ርቀት ውስጥ፣ በ2.1 እና በ4.1 መካከል ናቸው። የእሷ ልጅ ከአማካዩ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ዝቅ ይላል፤ ከመቶ ሕፃናት 16ቱ ያህል ከእሱ ቀለል ብለው ይወለዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት «ዝቅተኛ የልደት ክብደት» የሚለው ከ2.5 ኪሎ በታች ያለውን ነው፤ ልጇ ከዚያ መስመር በላይ ነው። ነርሷ «ትንሽ ቀለል ይላል፣ ግን እንደሱ ያሉ ብዙ ናቸው» ብትላት ልክ ናት።

ነርሷ ግን «3.1 ± 0.05» የሚለውን ጽሑፍ አንብባ ያንን 0.05 የሕፃናቱ ልዩነት አድርጋ ብትወስደውስ? ጤነኛ ሕፃናት ሁሉ በ3.0 እና በ3.2 መካከል የሚወለዱ ይመስላታል። 2.6 የሚመዝነው ልጅ ከአማካዩ አሥር እጥፍ ርቀት ላይ ወድቆ ይታያታል፤ የሌለ በሽታ ፍለጋ ትጀምራለች፤ እናቲቱም በድንጋጤ ትታመማለች። ይህን ጉዳይ ከቃላት ጨዋታ በላይ የሚያደርገው ይህ ነው።

አማካዩም ይዋዥቃል

ወደ ኃላፊው ጥያቄ እንመለስ። ዛሬ የተወለዱት አምስት ሕፃናት አማካያቸው 3.1 ነው። ነገ ሌሎች አምስት ይወለዳሉ፤ አማካያቸው 2.9 ሊሆን ይችላል። ከነገ ወዲያ 3.3 ሊመጣ ይችላል። በየቀኑ አምስት አምስት እየመዘንን የየቀኑን አማካይ ብቻ በደብተር ብንጽፍ ከብዙ ወራት በኋላ ረጅም የአማካዮች ዝርዝር ይኖረናል። እነዚህም በተራቸው ከእውነተኛው አማካይ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። የእነዚህ አማካዮች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው ስታንዳርድ ኤረር የሚባለው። አንድ ናሙና ብቻ ወስደን ያገኘነው አማካይ ከእውነተኛው በተለምዶ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ይነግረናል።

ደግነቱ ያንን ረጅም ደብተር መሙላት አያስፈልግም። አንድ ናሙና ካለን ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ማካፈል ይበቃል፦

SE = SD / √n

እዚህ ላይ n የተመዘኑት ሕፃናት ብዛት ነው። ለአምስቱ ሕፃናት 0.51ን ለ2.24 እናካፍላለን፤ 0.23 ኪሎ ይወጣል። ለመቶ ሕፃናት 0.5ን ለ10 እናካፍላለን፤ 0.05 ይወጣል። በመግቢያችን ላይ የነበረው ሁለተኛ ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው።

ለኃላፊው የሚሰጠውም መልስ ይኸው ነው። ከአማካዩ ሁለት ስታንዳርድ ኤረር ወደ ታችና ሁለት ወደ ላይ ስንሄድ ከ3.0 እስከ 3.2 ኪሎ የሚደርስ ክልል እናገኛለን። በዚህ ዘዴ ክልል ደጋግመን ብናወጣ ከመቶው 95 ያህሉ እውነተኛውን አማካይ በውስጣቸው ይይዛሉ። ይህ ክልል ስለ አማካዩ እንጂ ስለ አንድ ሕፃን የሚናገረው ነገር የለም።

ለምን በስኩዌር ሩት?

እስካሁን ቀመሩን ሰጠኋችሁ እንጂ ምክንያቱን አላሳየሁም። ምክንያቱን ለማየት ሕፃናቱን ለጊዜው ቀለል እናድርጋቸው። እያንዳንዱ ሕፃን ከአማካዩ ወይ በግማሽ ኪሎ ይበልጣል ወይ በግማሽ ኪሎ ያንሳል፤ ሌላ ዓይነት የለም እንበል። የሁለቱም ዕድል እኩል ነው። አንድ ሕፃን ብቻ ብንመዝን አማካዩን በግማሽ ኪሎ መሳታችን አይቀርም።

ሁለት ሕፃናት እንመዝን። አራት ዓይነት ነገር ሊገጥመን ይችላል፤ ሁለቱም ከባድ፣ የመጀመሪያው ከባድ ሁለተኛው ቀላል፣ የመጀመሪያው ቀላል ሁለተኛው ከባድ፣ ወይም ሁለቱም ቀላል። በመካከለኞቹ ሁለት አጋጣሚዎች የአንዱ መብለጥ የሌላውን ማነስ ስለሚያጠፋው አማካዩ ልክ ይመጣል። ግማሽ ኪሎ የምንስተው ሁለቱ በአንድ ወገን ሲወድቁ ብቻ ነው፤ ይህም ከአራቱ አጋጣሚዎች በሁለቱ ነው።

አሁን አራት ሕፃናት እንመዝን። አጋጣሚዎቹ 16 ይሆናሉ። አራቱም ከባድ የሚሆኑበት አንድ ብቻ ነው፤ አራቱም ቀላል የሚሆኑበትም አንድ። ሦስት ከባድና አንድ ቀላል የሚሆንባቸው አራት፣ ሦስት ቀላልና አንድ ከባድ የሚሆንባቸውም አራት አሉ፤ በእነዚህ ስምንት አጋጣሚዎች የአማካዩ ስህተት ሩብ ኪሎ ነው። ሁለት ከባድ ሁለት ቀላል የሚሆንባቸው ደግሞ ስድስት አሉ፤ ስህተቱ ዜሮ ነው። እንግዲህ ቀደም ሲል በአምስቱ ሕፃናት እንዳደረግነው እያንዳንዱን ስህተት በራሱ እናባዛ። ግማሽ ኪሎ በራሱ ሲባዛ 0.25 ነው፤ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ 0.5 ይሆናል። ሩብ ኪሎ በራሱ ሲባዛ 0.0625 ነው፤ ስምንት ጊዜ ስለሚመጣ እሱም 0.5 ይሆናል። ድምሩ 1 ነው። እዚህ ሁሉንም አጋጣሚዎች ስለምናውቅ ለ16 እናካፍላለን፤ 0.0625 ይወጣል። የዚህ ስኩዌር ሩት 0.25 ነው።

ውጤቱን ልብ በሉ። በአንድ ሕፃን ግማሽ ኪሎ የነበረው ስህተት በአራት ሕፃናት ልክ ሩብ ኪሎ ሆነ። ናሙናው አራት እጥፍ ሲያድግ ስህተቱ በግማሽ ቀነሰ፤ የአራት ስኩዌር ሩት ሁለት ነውና።

ነገሩ የሚሆነው በመጣፋት ነው። ትልቅ ናሙና ውስጥ ከባዶቹ ሁሉ ተሰብስበው ቀላሎቹ ሁሉ እንዲቀሩ ትልቅ አጋጣሚ ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ የሚበልጠው የሚያንሰውን ይጎትተዋል። መጣፋቱ ግን ፍጹም አይደለም፤ ፍጹም ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ወዲያው ዜሮ ይሆን ነበር። ሁልጊዜ ትንሽ ትርፍ ወደ አንዱ ወገን ይቀራል። ናሙናው እየሰፋ ሲሄድ ይህ የቀረ ትርፍ በድምሩ ላይ ያድጋል፤ የሚያድገው ግን በስኩዌር ሩት ፍጥነት ነው። ለአራት ሕፃናት ሁለት እጥፍ፣ ለመቶ ሕፃናት አሥር እጥፍ ብቻ ይሆናል። አማካይ ስናወጣ ደግሞ ይህን አሥር እጥፍ ያደገ ትርፍ ለመቶ እናካፍለዋለን፤ አንድ አሥረኛ ይቀራል። የቀመሩ ምሥጢር በሙሉ ይህ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ቢያውቁት እወዳለሁ። ከመቶ ሕፃናት ወደ 400 ብንሄድ ስታንዳርድ ኤረሩ ከ0.05 ወደ 0.025 ይወርዳል። እንደገና በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ሕፃናት መመዘን አለብን። የመጀመሪያዎቹ መቶዎች ብዙ ያሳውቃሉ፤ ቀጣዮቹ ሺዎች የሚጨምሩት እያነሰ ይሄዳል። «ትንሽ ጨምረን ትክክለኛነቱን በእጥፍ እናሻሽል» የሚል ዕቅድ በዚህ ሒሳብ ፊት አይቆምም።

የለንደኑ ሳጥን

የሰው ልጅ ይህን ሒሳብ ሳያውቅ ለዘመናት ናሙና ሲወስድ ኖሯል። ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ በእንግሊዝ የሚካሄደው የፒክስ ፍተሻ ነው። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የንጉሡ ሳንቲም ማምረቻ ከሚያወጣቸው የወርቅና የብር ሳንቲሞች ጥቂቶቹ እየተነሱ «ፒክስ» በሚባል ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ሳጥኑ ተከፍቶ ሳንቲሞቹ በዳኞች ፊት ይመዘናሉ፣ የብረታቸውም ጥራት ይፈተሻል። ሥርዓቱ ዛሬም በለንደን በየዓመቱ ይካሄዳል።

በዚያ ዘመን ሁለት ሳንቲሞችን እኩል አድርጎ መሥራት ስለማይቻል ለእያንዳንዱ ሳንቲም የተወሰነ መዛነፍ ይፈቀድ ነበር። ሳንቲሞቹ ግን የሚመዘኑት በጅምላ ነው። ለጅምላው የሚፈቀደው መዛነፍ ታዲያ እንዴት ይሰላል? የስታትስቲክስ ታሪክ ጸሐፊው ስቲቨን ስቲግለር እንዳሳየው የሚፈቀደው መዛነፍ ከክብደቱ ጋር በቀጥታ እንዲያድግ ተደርጎ ነበር። ለአንድ የተፈቀደው ለመቶ ሲሆን በመቶ ተባዛ።

ሒሳቡ የት እንደሚያደርስ በምሳሌ እንየው። ለአንድ ሳንቲም አንድ ግሬን ተፈቀደ እንበል፤ ግሬን 65 ሚሊግራም ያህል የሚመዝን የእንግሊዞች መለኪያ ነው። በጅምላ ሕጉ መሠረት ለመቶ ሳንቲም መቶ ግሬን ይፈቀዳል። ነገር ግን አሁን እንዳየነው የአንዱ ማነስ በሌላው መብለጥ ስለሚጣፋ በአጋጣሚ ብቻ የሚመጣው የመቶ ሳንቲም መዛነፍ አሥር ግሬን አካባቢ ነው። አንድ ሳንቲም ሠሪ ሆን ብሎ ከእያንዳንዱ ሳንቲም ግማሽ ግሬን ቢያስቀር ጉድለቱ በመቶ ሳንቲም ሃምሳ ግሬን ይሆናል። ይህ አጋጣሚ ከሚያመጣው አምስት እጥፍ ስለሆነ በአጋጣሚ ሊመካኝ አይችልም፤ በፍተሻው ግን ያለ ችግር ያልፋል። ሕጉ የአንዱን ሳንቲም ልዩነት ወስዶ በብዙ ሳንቲሞች ድምር ላይ ስለጫነው በሩን ለማጭበርበር ክፍት አድርጎ ተወው።

መዛነፉ በስኩዌር ሩት ብቻ እንደሚያድግ ያሳየው አብርሃም ደ ሟቭር ነው። በ1667 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ተወልዶ በፕሮቴስታንትነቱ ምክንያት ወደ ለንደን የተሰደደ፣ ሒሳብ እያስተማረ የኖረ ሰው ነበር። በ1733 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ጽሑፍ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ሲወረወር የሚወጣው ውጤት ከሚጠበቀው የሚርቀው በውርወራው ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ እንደሆነ አረጋገጠ። የሚገርመው፣ ወዳጁ አይዛክ ኒውተን እስከ 1727 እ.ኤ.አ. ሕይወቱ እስካለፈበት ድረስ የዚያው ሳንቲም ማምረቻ ኃላፊ ነበር።

ትንንሽ ቡድኖች ጫፍ ላይ ይወጣሉ

ቀመሩን ገልብጠን ስናየው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ትልቅ ናሙና አማካዩን ካረጋጋ፣ ትንሽ ናሙና ያንገላታዋል ማለት ነው።

ሃዋርድ ዌይነር የተባለ አሜሪካዊ የስታትስቲክስ ባለሙያ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህን ቀመር «እጅግ አደገኛው» ብሎታል፤ አደጋው የሚመጣው ካለማወቁ ነው። አንዱ ምሳሌው በአሜሪካ ወረዳዎች ያለው የኩላሊት ካንሰር ነው። በሽታው ዝቅተኛ የሆነባቸው ወረዳዎች በብዛት ገጠር ያሉ፣ ሕዝባቸው ጥቂት የሆነ ናቸው። ይህን የሰማ ሰው ንጹሕ አየሩን፣ ያልተበረዘ ምግቡን፣ ረጋ ያለ ኑሮውን ምክንያት አድርጎ ሊያስረዳ ይቸኩላል። ነገር ግን በሽታው ከፍተኛ የሆነባቸውም ወረዳዎች እንዲሁ ገጠር ያሉ፣ ሕዝባቸው ጥቂት የሆነ ናቸው። አየርም ምግብም ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያመጣም። ጥቂት ሕዝብ ባለበት ወረዳ አንድ ታማሚ ከሌለ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፤ አንድ ታማሚ ከተገኘ ደግሞ ቁጥሩ ከአገሩ ሁሉ ላይ ይወጣል።

በእኛም ጤና ጣቢያዎች የሚሠራ ነው። በወር 16 ሕፃናት የሚወለዱበት ትንሽ ጤና ጣቢያ አለ እንበል፤ የአማካዩ ስታንዳርድ ኤረር 0.5 ለ4 ሲካፈል 0.125 ኪሎ ነው። 400 የሚወለዱበት ሆስፒታል ግን 0.025 ብቻ ነው። በሁለቱም አካባቢ ያሉ እናቶች ጤና አንድ ቢሆን እንኳ ትንሹ ጤና ጣቢያ አንዱን ወር 2.9፣ ሌላውን ወር 3.3 ሊያስመዘግብ ይችላል። ሆስፒታሉ ከ3.1 እምብዛም አይነቃነቅም። የወሩን ሰንጠረዥ ይዞ ለመጀመሪያው ምስጋና፣ ለመጨረሻው ወቀሳ የሚጽፍ አለቃ የሚሸልመውም የሚቀጣውም የናሙናውን ትንሽነት ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ደረጃው ሲገለባበጥ ደግሞ «ወቀሳው ሠራ» ይላል።

ናሙና ቢያድግም የማይጠፋ ስህተት

ስታንዳርድ ኤረር የሚለካው በአጋጣሚ የሚመጣውን ስህተት ብቻ ነው። ይህን የረሳ ሰው ትልቅ ናሙና ይዞ በሙሉ ልብ ይሳሳታል።

ሚዛኑ ከመጀመሪያው 200 ግራም የሚያጎድል ከሆነ እያንዳንዱ ሕፃን በ200 ግራም ቀልሎ ይመዘገባል። እዚህ መጣፋት የለም፤ ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነውና። አሥር ሺህ ሕፃናት ብንመዝን ስታንዳርድ ኤረሩ ወደ አምስት ግራም ይወርዳል፤ እኛ ግን አሁንም በ200 ግራም ተሳስተናል። መፍትሔው ክብደቱ በሚታወቅ ነገር ሚዛኑን በየጊዜው ማስተካከል እንጂ ሕፃን መጨመር አይደለም።

ከዚህ የባሰው ናሙናው ራሱ ሁሉንም የማይወክል ሲሆን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንደሚያሳየው ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱ ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ቤት ውስጥ ነው የተወለዱት፤ ሚዛን ላይ የወጡትም ጥቂት ናቸው። በዚያ ዘመን የነበረ የጤና ተቋም መዝገብ ምንም ያህል ቢረዝም የሚናገረው ስለ እነዚያ 26 በመቶ ነው። ገጹ በበዛ ቁጥር ስታንዳርድ ኤረሩ ያንሳል፤ በቤት የተወለዱት ሕፃናት ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም።

ሦስተኛው ጉዳይ መቀራረብ ነው። በአራቱ ሕፃናት ሒሳባችን ላይ የአንዱ ክብደት ስለ ሌላው ምንም አይናገርም ብለን ነበር የተነሳነው። በእውነቱ ግን የአንድ ቀበሌ እናቶች አንድ ዓይነት ምርት ይመገባሉ፣ አንድ ድርቅ ያገኛቸዋል፣ አንድ ወባ ያጠቃቸዋል። ሕፃናቶቻቸውም አብረው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፤ መጣፋቱ ይዳከማል። ከ20 ቀበሌዎች ከእያንዳንዳቸው 21 ሕፃናት፣ በድምሩ 420 ብንመዝን በአንድ ቀበሌ ሕፃናት መካከል ያለው ተዛምዶ አነስ ያለ፣ 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ 420ዎቹ የሚሰጡን መረጃ 210 የማይዛመዱ ሕፃናት የሚሰጡትን ያህል ነው። ስታንዳርድ ኤረሩ በቀላሉ ቀመር 0.024 ይመስላል፤ እውነተኛው 0.035 ነው። የ2016ቱ የአገሪቱ ጥናት ናሙናውን የወሰደው ከ645 የቆጠራ ቦታዎች ነው። የጥናቱ ሪፖርት መጨረሻ ላይ ያሉት የስታንዳርድ ኤረር ሰንጠረዦችም ይህን መቀራረብ አስገብተው የተሰሉ ናቸው። ከአንድ ቀበሌ ብዙ ሕፃን ከመመዘን ይልቅ ቀበሌዎቹን ማብዛት የተሻለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሪፖርት ስታነቡ

«±» ያለበት ሪፖርት ስታገኙ በመጀመሪያ ጸሐፊው የትኛውን እንዳስቀመጠ ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ በሰንጠረዡ ግርጌ ወይም በዘዴው ክፍል ተጽፎ ይገኛል። ካልተጻፈ ቁጥሩን ከምታውቁት ዓለም ጋር አስተያዩት። ሕፃናት በ50 ግራም ብቻ አይለያዩም፤ አዋቂ ሰዎችም በቁመት በግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ አይለያዩም። ቁጥሩ ለሚለካው ነገር እጅግ ጠባብ ከሆነ ስታንዳርድ ኤረር ነው ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ። ጥርጣሬያችሁን ለማረጋገጥ በናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት አባዙት። 0.05 በ10 ሲባዛ 0.5 ይሰጣል፤ ይህ ለሕፃናት ክብደት የሚመጥን ልዩነት ነው።

ግራፍ ላይም ከእያንዳንዱ ነጥብ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጉትን መስመሮች እንዲሁ ጠይቁ። አጫጭር መስመሮች ዓይን ይማርካሉ፤ ሁለት ቡድኖች ፍጹም የተለያዩ ያስመስላሉ። መስመሮቹ ስታንዳርድ ኤረር ከሆኑ የሚሉት የሁለቱ ቡድኖች አማካዮች ምናልባት ይለያያሉ ነው። የቡድኖቹ አባላት ግን አሁንም በሰፊው ሊደራረቡ ይችላሉ። አንድ መድኃኒት አማካዩን ማሻሻሉ በእርግጥ ይታወቅ ይሆናል፤ ለአንድ ታማሚ የሚያመጣው ለውጥ ግን በታማሚዎች መካከል ካለው ልዩነት አንጻር ሲታይ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

የምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ደንቡ ቀላል ነው። ዳግላስ አልትማንና ማርቲን ብላንድ በ2005 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ እንዳስረዱት መለኪያዎች ምን ያህል እንደተበታተኑ መግለጽ የፈለገ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን፣ አማካዩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ መግለጽ የፈለገ ስታንዳርድ ኤረርን ይጠቀም። እኔ ደግሞ ምልክቱን ትታችሁ በቃላት ጻፉት እላለሁ፤ «መቶ ሕፃናት ተመዘኑ፤ አማካይ ክብደታቸው 3.1 ኪሎ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.5 ኪሎ ነው፤ የአማካዩ የ95 በመቶ ክልል ከ3.0 እስከ 3.2 ኪሎ ነው» ብላችሁ። ሁለት መስመር አይሞላም፤ ነርሷም ኃላፊውም የየራሳቸውን መልስ ሳይሳሳቱ ያገኙበታል።